«በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት ወድቃ»፦ በዕረፍት ሰዓት ስለሚደርስ ጉዳት የሚጻፈው ሪፖርት ሲዳሰስ

የትምህርት ቤት የጉዳት ሪፖርት ያነበበ ሰው ይህችን ዓረፍተ ነገር ወይም እህቷን ሳያገኝ አይቀርም፦ «ተማሪዋ በዕረፍት ሰዓት ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት ወድቃ ጉዳት ስለደረሰባት ወደ ጤና ተቋም ተወስዳ ተገቢው ሕክምና ተደርጎላታል።» ከላይ «ጉዳዩ፡- የተማሪ ጉዳትን ስለማሳወቅ» ተብሏል፤ ከታች ፊርማ፣ ማኅተምና ግልባጭ የሚደርሳቸው አካላት ስም አለ። ደብዳቤው ወጉን ጠብቋል። ልጅቷ የት ወደቀች? ከምን ላይ? የትኛው አካሏ ተጎዳ? ማን አየ? ማን ወሰዳት፣ በስንት ሰዓት? ሕክምናው ተገቢ መሆኑንስ ማን ዐወቀ? ለአንዱም መልስ አይሰጥም። በእርግጠኝነት የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የልጅቷ መሆኑን።

ዓረፍተ ነገሯ የምትወለደው ከክፋት አይመስለኝም። ጉዳቱን ያየው ወይም ቀድሞ የደረሰው ተረኛ መምህር ለዩኒት ሊደሩ በቃል ይነግራል፤ ዩኒት ሊደሩ ለምክትል ርዕሰ መምህሩ ያስተላልፋል፤ ምክትሉ በማግስቱ፣ አንዳንዴም ወላጅ አቤት ካለ ወይም ወረዳው ከጠየቀ በኋላ፣ ለጸሐፊዋ ያስጽፋል። በየመተላለፊያው ዝርዝሩ ይረግፋል። መጨረሻ ላይ የሚጽፈው ሰው በቦታው ያልነበረ፣ ተቀባዩም አለቃው ስለሆነ፣ ወረቀቱ ከማስረዳት ይልቅ ወደ መከላከል ያዘነብላል። የዚህ ዳሰሳ አቋም ግልጽ ነው፦ የጉዳት ሪፖርት ዋና አንባቢ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሐኪሙ፣ በዚያው ቀን ወላጅ፣ በሳምንቱ ግቢውን የሚያስተካክለው ሰው ነው የሚያነበው። ለነሱ የማይጠቅም ሪፖርት ለወረዳውም አይጠቅም።

ነገሩን በአንድ ጉዳይ እንከተለው። ጉዳዩ ለምሳሌነት የተሠራ ነው፤ ዝርዝሮቹ ግን በየግቢው የሚታዩ ናቸው። የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ ስምንት ዓመቷ። የረፋድ ዕረፍት ከ4፡00 እስከ 4፡20 ነው። ከሁለተኛው የክፍል ሕንፃ ጀርባ የተሰባበሩ ዴስኮች ተከምረዋል። ልጆቹ አኩኩሉ ይጫወታሉ፤ ለመደበቅ ከክምሩ የተሻለ ቦታ የለም። ልጅቷ ላዩ ላይ ወጣች፣ ወደቀች፣ በተዘረጋ ግራ እጇ መሬቱን መታች። ክርኗ ወዲያው አበጠ።

በዚህ ዕድሜ በተዘረጋ እጅ ላይ መውደቅ ከሚያስከትላቸው የክርን አካባቢ ስብራቶች በጣም የታወቀው ከክርን ከፍ ብሎ በክንድ አጥንት የታችኛው ጫፍ ላይ የሚደርሰው ነው። አጥንቱ እዚያ ጋ ቀጭን ነው፤ ከፊቱ ደግሞ ለእጅ ደም የሚያደርሰው ዋና የደም ሥርና ነርቮች ያልፋሉ። የተሰበረው ጫፍ ከቦታው ከተንሸራተተ እነሱን ሊጫን ይችላል። ስለዚህ ይህ ጉዳት ከሌላው ስብራት ይበልጥ ሰዓትን ይፈልጋል። ሪፖርቱም የሚመዘነው በዚሁ ነው፤ የሆነውን ብቻ ሳይሆን መቼ እንደሆነም ካልተናገረ ለሐኪሙ ግማሽ ወረቀት ነው።

እዚህ ላይ በኛ አገር የሚያጋጥም እሾህ አለ። ትምህርት ቤቱ «4፡12» ብሎ ይጽፋል፤ የሆስፒታሉ ካርድ ብዙ ጊዜ በፈረንጅ ሰዓት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። ልጅቷ ማደንዘዣ የሚያስፈልጋት ከሆነ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደበላች ነው፤ ጠጣር ምግብ ከተበላ ወዲህ በተለምዶ ስድስት ሰዓት እንዲያልፍ ይፈለጋል። ጉዳቱ የደረሰው ደግሞ በዕረፍት ነው፤ ዕረፍት ማለት ምሳ ዕቃ የሚከፈትበት ሰዓት ነው። ፍርፍሯን በ4፡03 የበላች ልጅ ወረቀቷ ላይ «4፡03» ብቻ ከተጻፈ አንዱ አንባቢ ረፋድ፣ ሌላው የከሰዓት በኋላ አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ ስህተቱም ልክ ሐኪሙ የሚቆጥረውን ስድስት ሰዓት ያህል ነው። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ «ከረፋዱ 4፡03 በኢትዮጵያ ሰዓት»። ለቀኑም እንዲሁ፣ ሁለቱንም አቆጣጠር መጻፍ። ምን እንደበላችና መቼ እንደበላች የሚጠይቅ ቦታ ያለው የትምህርት ቤት ቅጽ ብርቅ ነው፤ እኔ ግን ከ«አስተያየት» ሣጥን በፊት እሱን አስገባ ነበር። ከጉዳቱ በኋላም ውኃም ሆነ ብስኩት እንዳልተሰጣት ይጻፍ። ለሚያለቅስ ልጅ ለስላሳ መግዛት ደግነት ነው፤ ግን ቀዶ ሕክምናን ሊያዘገይ ይችላል።

ስለ ፍሬ ነገሩ ከተነሣን፣ ያየነውንና የሰማነውን መለየት ከሁሉ ከባዱ ሥራ ነው። «ከዴስክ ክምር ላይ ወደቀች» የሚለው ዓረፍተ ነገር ራሱ ሁለት ነገር ደርቦ ይዟል፤ ከክምሩ አጠገብ ወድቃ መገኘቷ ታይቷል፣ ከላዩ መውደቋ ግን በልጆች ተነግሯል። ተረኛው መምህር ሲደርስ ያየው መሬት ላይ ተቀምጣ ግራ ክንዷን በቀኟ ደግፋ የምታለቅስ ልጅ ነው። ሪፖርቱ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። ክምሩ ምን ያህል ከፍ ይላል? ሜትር ከሌለ በአዋቂ ሰው ቁመት ይነገር፤ «እስከ ደረት ይደርሳል» ከ«በጣም ከፍ ያለ» መቶ እጅ ይሻላል። መሬቱ አፈር ነው ወይስ ሲሚንቶ? ዝናብ ነበር? የላይኛው ዴስክ ይወዛወዛል? ተረኛው የቆመው የት ነው፣ ከዚያስ ቦታው ይታያል? ግራና ቀኝ የሚጻፈው ከልጅቷ አንጻር ነው፤ ፊት ለፊቷ የቆመ ሰው በችኮላ ሲጽፍ ግራና ቀኝ ሊያቀያይር ይችላል። «ክርኗ አብጧል፣ ማንቀሳቀስ አልቻለችም፣ ደም የለም» ይባል እንጂ «ተሰብሯል» አይባል። ስብራቱን የሚናገረው ራጅ ነው።

ፎቶ ይረዳል፤ የክምሩ ፎቶ፣ ዕቃው ሳይነካ በዚያው ቀን የተነሣ። የልጅቷ ፎቶ ግን ሌላ ነገር ነው። በዘመናችን የወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከስልክ ጥሪ ይቀድማል፤ እናቷ ሳትሰማ የልጅ እንባ በመቶ ስልኮች ላይ የሚታይበት ሁኔታ አለ። ይህን ያደረገ የትምህርት ቤት ሠራተኛ ካለ እሱም በሪፖርቱ መግባት ያለበት ጉዳይ ነው።

ምስክሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው። የትምህርት ቤቶች ልማድ ደግሞ ልጆቹን ቢሮ ሰብስቦ፣ አንዳንዴም ከተከሳሹ ጋር አፋጥጦ፣ «ማን ነው የገፋት?» ብሎ መጠየቅ ነው። በዚህ ጥያቄ ውስጥ መልሱ አስቀድሞ ተቀምጧል፤ የቀረው ስም ብቻ ነው። ስምም አይጠፋም፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ስሙ የጠፋው ልጅ ይጠራል። በ1995 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሚሼል ላይክትማንና ስቲቨን ሲሲ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። አንድ እንግዳ ወደ ሕፃናት መዋያ ገብቶ ምንም ሳያጠፋ ለጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ወጣ። ከመምጣቱ በፊት «እሱኮ ዝርክርክ ነው» የሚል ወሬ የሰሙ፣ ከሄደ በኋላም መሪ ጥያቄ ደጋግመው የተጠየቁ ልጆች፣ መጽሐፍ ቀደደ፣ አሻንጉሊት አቆሸሸ እያሉ ያልሆነውን ተናገሩ። እነዚያ ከትምህርት ቤት ዕድሜ በታች የነበሩ ናቸው፤ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይሻላል። ነገር ግን አስቀድሞ የተወራ ስምና ተደጋጋሚ ጥያቄ ሲገናኙ የስምንት ዓመት ልጅን ብቻ ሳይሆን አዋቂንም ያስታሉ።

የሚሠራው መንገድ ቀላል ቢሆንም ትዕግሥት ይፈልጋል። ልጆቹ አንድ በአንድ፣ በዚያው ቀን፣ የሚቻል ከሆነ አብረው ምሳ ከመብላታቸው በፊት ይጠየቁ። ምሳ ላይ ሦስት ታሪክ አንድ ታሪክ ይሆናል። የሚጠይቃቸው ሰው ክፍል ውስጥ የሚቀጣቸው ባይሆን ይመረጣል። መጀመሪያ «አንቺ የት ነበርሽ?»፣ ከዚያ «ያየሽውን ከመጀመሪያው ንገሪኝ»፣ ከዚያ ዝምታ። ስታቆም «ከዚያስ?»። የሚጻፈው የልጅቷ ቃል ነው፤ «ተንሸራታ ሚዛኗን በመሳቷ» የሚል የስምንት ዓመት ልጅ የለም፤ እንዲህ የተጻፈበት ቃል የጠያቂው ነው። ልጅን ማስፈረም አያስፈልግም፤ የጠየቀው አዋቂ ስሙን፣ ሰዓቱንና የጠየቀበትን ቃል ጽፎ ይፈርም። ወላጆቻቸውም ልጆቻቸው መጠየቃቸውን በዚያው ቀን ይወቁ።

በምሳሌያችን ሁለት ልጆች የተለያየ ነገር ተናገሩ እንበል። አንዷ «ላዩ ላይ ቆማ አላገኛችሁኝም እያለች ነበር፤ ዴስኩ ተንቀሳቀሰ፣ ወደቀች» አለች። ሌላው «አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ሲሮጥ መጥቶ ነካው» አለ። «ምኑን ነካው?» ሲባል «ዴስኩን» አለ። ሪፖርት ጸሐፊው እዚህ ዳኛ መሆን ይቃጣዋል፤ አንዱን ይመርጥና ሌላውን ይጥላል። መጣል የለበትም። ሁለቱም ቃል ጎን ለጎን ይቀመጣል፣ ልዩነታቸውም በግልጽ ይጻፋል። ከዚያ ሰው ሄዶ ክምሩን ሲገፋ ከላይ ያለው ዴስክ እግሩ የተሰበረ ሆኖ በእጅ ግፊት ብቻ ሲወዛወዝ ያገኘዋል። አሁን ሁለቱ ቃሎች እንደማይጋጩ ታየ፤ ዴስኩ ተነክቶም ሆነ ሳይነካ ሊንቀሳቀስ ይችላል። የአምስተኛ ክፍሉም ልጅ ይጠየቃል፣ ግን እንደ ምስክር እንጂ እንደ ወንጀለኛ አይደለም። «ማን ገፋት» ብሎ የጀመረ ጠያቂ እዚህ አይደርስም ነበር፤ በሁለተኛው ልጅ ቃል ላይ «ነካው» የሚለውን «ገፋት» ብሎ ጽፎ፣ የልጁን ወላጅ አስጠርቶ፣ ክምሩን እዚያው ትቶ ነበር።

አዋቂ ምስክሮችም አሉ። ጩኸቱን መጀመሪያ የሰማችው የሻይ ክበቡ ሠራተኛ ናት፤ ሮጣ የደረሰችውም እሷ። ግን መምህር ስላልሆነች ስሟ ሪፖርት ላይ አይገባም፤ የጥበቃ ሠራተኛው ምስክርነትም እንዲሁ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ተረኛው መምህር ደግሞ ቧንቧው ጋ ነበር፤ ውኃ የሚቀዱ ልጆች እየተጋፉ ስለሆነ እዚያ መቆሙ ትክክል ነው። ከዚያ ሆኖ ግን የሕንፃውን ጀርባ ማየት አይቻልም። ይህ እንዲጻፍ መምህሩ ይፈራል፣ ደመወዝንና ሹመትን የሚነካ ነገር ነውና ፍርሃቱ ትክክለኛ ነው። ርዕሰ መምህሩ እዚህ ጋ የሚያደርገው ምርጫ የሪፖርቱን ዕጣ ይወስናል፦ «ተረኛው ቦታው ላይ አልነበረም» ይላል ወይስ «ለመላው ግቢ የተመደበው ተረኛ አንድ ነበር፤ ከቧንቧው የሕንፃው ጀርባ አይታይም»? ሁለተኛው እውነቱን ሙሉ ይናገራል፣ ማን ምን መለወጥ እንዳለበትም ያመለክታል።

የእንግሊዝ ልምድ እዚህ ጋ ለንጽጽር ይጠቅማል። ሪዶር በሚል አኅጽሮት የሚታወቀው የ2013 ደንባቸው ትምህርት ቤቶች የትኛውን የተማሪ ጉዳት ለመንግሥት ማሳወቅ እንዳለባቸው ይወስናል። ልጆች ሲጫወቱ ተጋጭተው ወይም ተደናቅፈው የሚደርስ ጉዳት በተለምዶ አይካተትም። ተማሪው ከቦታው በቀጥታ ለሕክምና ሆስፒታል ሲወሰድ፣ ምክንያቱም የግቢው ወይም የመጫወቻው ይዞታ አለዚያም የቁጥጥር ጉድለት ሲሆን ግን ማሳወቅ ግድ ይሆናል። እንግዲህ ደንቡ ሪፖርት ጸሐፊውን የሚያስጠይቀው ግቢው ምን ይመስል እንደነበር ነው፤ የልጁ ጥንቃቄ መለኪያው ውስጥ የለም። ቅጻቸውን መቅዳት አያስፈልገንም። የጥያቄውን አቅጣጫ መውሰድ ግን ወጪ የለውም።

የተወሰዱ እርምጃዎች የሚለው ክፍል በተለምዶ «አስፈላጊው የመጀመሪያ ዕርዳታ ተደርጎላት» በሚል ይታለፋል። በክርን ጉዳት ግን ያልተደረገው ከተደረገው እኩል ይመዝናል። ክንዷን ለማቅናት ተሞክሯል? ታሽቷል? ቅባት ተቀብቷል? ትክክለኛው ዕርዳታ ክንዱን በተገኘበት ቅርጽ ደግፎ ማሰር ነው፤ ሻርፕ ወይም ነጠላ ይበቃል። የእጇ አምባር ወይም ክር እብጠቱ ሳይጠናበት ይወልቃል። ከዚያ ጣቶቹ ይታያሉ፦ ቀለማቸው እንደ ሌላኛው እጅ ነው? ይሞቃሉ? ሲነኩ ይሰማታል? ታንቀሳቅሳቸዋለች? ይህን ለማየት ነርስ መሆን አያስፈልግም፣ መልሱን ከነሰዓቱ ለመጻፍም እንዲሁ። ሆስፒታል ስትደርስ ጣቶቿ ገርጥተው ከተገኙ ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገው ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ነው። ደም ያጣ ጡንቻ በሰዓታት ውስጥ፣ በግምት ከስድስት ሰዓት በኋላ፣ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። «በ4፡20 ጣቶቿ እንደ ቀኝ እጇ ሞቃት ነበሩ፣ ታንቀሳቅሳቸው ነበር» የምትል አንዲት መስመር ያን ቆጠራ ታስጀምራለች።

ሌሎቹን እርምጃዎች በሰዓት ቅደም ተከተል ማስቀመጥ ነው። በምሳሌያችን እናቷ በ4፡22 ተደወለላት፣ አላነሣችም። በ4፡26 ለአባቷ ተደውሎ ተገኘ፤ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትወሰድ ተስማማ። የመጀመሪያ ዕርዳታ ሣጥኑ ተቆልፎ ቁልፉን የያዘችው መምህርት ክፍል ስለነበረች ሻርፑን ያበደረችው የሻይ ክበቡ ሠራተኛ ናት። በ4፡45 ዩኒት ሊደሩ ይዟት በባጃጅ ወጣ። ከ5፡05 ጀምሮ ጤና ጣቢያው የሕመም ማስታገሻ ሰጠ፣ ክንዷን ደገፈ፤ ራጅ ስለሌለው በ5፡40 ሪፈር ጻፈ። እናቷ እዚያ ደርሳ ተረከበች፣ ሆስፒታል በ6፡20 ገቡ። ከወደቀችበት እስከ ግቢው በር ሠላሳ ሦስት ደቂቃ መፍጀቱን የሚያሳየን ይህ ዝርዝር ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ ምን ያህሉ ቁልፍ ፍለጋ፣ ምን ያህሉ ስልክ፣ ምን ያህሉ ባጃጅ ጥበቃ እንደሆነ ይታያል። የቁልፉ ነገር ሪፖርት ውስጥ ሲገባ ያሳፍራል። ግን ካልገባ በሚቀጥለው ወርም ሣጥኑ እንደተቆለፈ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር በዚህ አካሄድ ብትጻፍ ይህን ትመስላለች፦ «ኅዳር 12 ቀን ከረፋዱ 4፡12 ገደማ በኢትዮጵያ ሰዓት፣ ከሁለተኛው ሕንፃ ጀርባ ባለው የዴስክ ክምር አጠገብ የ3ኛ ክፍል ተማሪ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ የሻይ ክበብ ሠራተኛዋ አግኝታታለች። ተማሪዋና ሁለት ልጆች ከክምሩ ላይ እንደወደቀች ተናግረዋል፤ አዋቂ አላየም። ግራ ክርኗ አብጧል፣ አታንቀሳቅሰውም። በ4፡20 የግራ እጅ ጣቶቿ ሞቃት ነበሩ፣ ይንቀሳቀሱ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ የበላችው በ4፡03 ነው፤ ከወደቀች በኋላ ምንም አልተሰጣትም። ክምሩ እስከ አዋቂ ደረት ይደርሳል፤ የላዩ ዴስክ አንድ እግሩ የተሰበረ ነው፣ በእጅ ሲገፋ ይወዛወዛል።» ረዝማለች፣ ግን ገና ግማሽ ገጽ ነች። ሆስፒታል ለሚሄደው ሰው ይህችው በእጅ ተጽፋ ወይም በስልክ ፎቶ ተነሥታ መሄድ አለባት፤ በማኅተም የተዋበችው በማግስቱ ትድረስ።

ክትትል የሚባለው ክፍል ከሁሉ የሚታለፍ ነው፣ በእኔ ግምት ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው። ብዙ ሪፖርት «ተገቢው ሕክምና ተደርጎላታል» ላይ ይዘጋል፤ ልጅቷ ግን በዚያ ሰዓት ወረፋ ላይ ናት። ሪፈር የተጻፈለት ልጅ ሁሉ ሆስፒታል አይደርስም፣ የደረሰም ሁሉ በዚያው አይቆይም። ወረፋው ረዘመ፣ የራጅ ብር ጎደለ፣ አያት «ወጌሻ እያለ» አሉ፤ ልጅቷ ማታ ሰፈር ውስጥ በቀርከሃና በጨርቅ ታስራ ታድራለች። ወጌሻ በብዙ ስብራት ላይ የሚታመን ሙያተኛ ነው፣ ሕዝቡ የሚሄድበትም ምክንያት አለው። ነገር ግን ያበጠ ክርን ላይ አጥብቆ ማሰር የደም ሥሩን ሊዘጋ ይችላል። በኢትዮጵያ የተሠሩ የሕክምና ጥናቶች ጠብቆ በታሰረ ስብራት ምክንያት ጋንግሪን ይዟቸው እጅና እግራቸው የተቆረጠ ልጆችን መዝግበዋል፤ ለወጌሾች ሥልጠና መስጠት ይህን እንደሚቀንስም አሳይተዋል። በጄሶ ውስጥም ቢሆን አደጋው አለ፤ የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ቀናት እብጠት የሚጨምርባቸው ናቸው።

ስለዚህ የክትትሉ የመጀመሪያ ጥሪ የሚደወለው በዚያው ምሽት ነው፤ ሁለተኛው በማግስቱ ጠዋት። የሚጠየቀውም «እንዴት ናት?» ብቻ አይደለም። ለሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ከሚል በቀር መልስ አይመጣም። ሆስፒታል ታየች? ራጁ ምን አለ? ማን አሰራት? ሕመሙ ከትናንት ቀነሰ ወይስ ባሰ? ጣቶቿ አብጠዋል፣ ገርጥተዋል፣ ደንዝዘዋል? ጣቶቿን ሰው ቀስ አድርጎ ሲያቀናላት ትጮሃለች? ማስታገሻ ወስዳም የሚብስ ሕመምና ሲቀና የሚያስጮህ ጣት ወዲያው ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ናቸው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም፣ የታሰረውም ይላላል። ይህን ለእናትየው የሚነግራት ሰው ካልተመደበ አትሰማውም። የደወለው ሰው ስም፣ ሰዓቱና የተሰጠው መልስ ሪፖርቱ ጀርባ ላይ ይጻፋል። የትምህርት ቤቱ ባለሙያ ማነው ብሎ መጨነቅ አያስፈልግም፤ የክፍል ኃላፊዋ ጥያቄዎቹ ተጽፈው ከተሰጧት ትጠይቃለች።

ልጅቷ ስትመለስ ክንዷ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ታስሮ ይቆያል። በግራ እጇ የምትጽፍ ከሆነች ያ ማለት ያለ ደብተር ሦስት ሳምንት ነው። የቃል ፈተና፣ የጓደኛ ደብተር ቅጂ፣ በዕረፍት የምትቀመጥበት ቦታ፤ እነዚህ በአንድ አንቀጽ ያልቃሉ፤ ግን ወላጅ የትምህርት ቤቱን አሳቢነት የሚለካው በነሱ ነው። ወላጆች ወደ ክስ የሚሄዱት በስብራቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ከስብራቱ በኋላ ማንም ሳይደውል ሲቀር ነው።

ሁለተኛው ክትትል የክምሩ ነው። ለምን እዚያ ተከመረ? ዴስኩ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ርዕሰ መምህሩ እንደፈለገ አውጥቶ አይጥለውም። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ መቋቋም፣ ዕቃው መቆጠር፣ መገመት፣ ከበላይ መፈቀድ አለበት። ሁሉም ያውቀዋል፣ ሂደቱ ግን ዓመት ይፈጃል፤ ክምሩም ያድጋል። ሪፖርቱ «ክምሩ እንዲነሣ ለሚመለከተው አካል ተገልጿል» ካለ ምንም አላለም። «ለንብረት ክፍል በዚህ ቁጥር፣ በዚህ ቀን ደብዳቤ ተጽፏል፤ እስኪፈቀድ ድረስ ዴስኮቹ ተገልብጠው ከጉልበት በታች ተደርድረዋል፤ መግቢያው በሽቦ ተዘግቷል፤ ይህን የሠራው እገሌ ነው፤ በዚህ ቀን ተመልሶ ይታያል» ቢል ግን ሰው ሄዶ ሊያረጋግጠው ይችላል። የተረኛ ድልድሉም እንዲሁ፤ አንድ ሰው ለቧንቧው፣ አንድ ሰው ለሕንፃው ጀርባ። መምህራን ካልበቁ በዕረፍት ያ ጀርባ ይዘጋ።

አንድ ሪፖርት ብቻውን ስለ ግቢው የሚናገረው ትንሽ ነው። ስለዚህ ከደብዳቤው ጎን አንድ ባሕር መዝገብ ይኑር፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተጎዳው አካል፣ ከምን እንደወደቀ፣ ሕክምና መሄዱ፣ በአንድ መስመር። ትንንሽ ጭረቶችም ይግቡ። በሴሚስተሩ መጨረሻ የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረቱ ሲሰበሰብ የቦታው ዓምድ ብቻ ቢነበብ ይበቃል፤ «ከሕንፃ 2 ጀርባ» አራት ጊዜ ከተጻፈ ስለ ልጆች ጥንቃቄ መወያየት ያበቃል። በንባቡ የልጆች ስም አይጠራም፣ ክፍልና ዕድሜ ይበቃል።

ወረቀቱ ለምን ያህል ጊዜ ይቀመጥ? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሣ የሚጠየቅበትን ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ ሁለት ዓመት አድርጎ ወስኗል፤ ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ የሚረዝም ከሆነ ግን በዚያ ይታያል። እንግሊዞች በደንባቸው ሦስት ዓመት ያስቀምጣሉ። ርዕሰ መምህር በየጊዜው ሲዘዋወር ፋይሉም አብሮት የሚጠፋበት ትምህርት ቤት ሁለቱንም አይሞላም፤ በርክክብ ዝርዝሩ ላይ ባሕር መዝገቡ እንደ ማኅተሙ ሁሉ በስሙ ይግባ። ወላጅም የሪፖርቱን ግልባጭ ያለ አቤቱታ ያግኝ፤ የሌሎቹ ልጆች ስም ተሸፍኖ፣ ከሪፈሩ ቅጂ ጋር። የመዝጊያ ፊርማው የሚፈረመው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው፤ ልጅቷ በሐኪም ቃል እጇን መጠቀም ስትጀምር፣ ክምሩ መነሣቱን ወይም መታጠሩን ሰው ሄዶ ሲያይ፣ እናቷም እነዚህን ሁለቱን በስልክ ሳይሆን ፊት ለፊት ስትሰማ። እስከዚያ ፋይሉ ጠረጴዛ ላይ ይቆይ፤ መደርደሪያው ላይ አይደርስም።